መስታወት ላይ የተቀመጠው ማውስ

የኔታ አካለ ወልድ አንደበታቸው ተይዞ አልጋ ላይ ሳሉ ነው ልጃቸው ይታያል የሞተው። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ የዓባይ በረሃን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን እንቢ አለውና ተገለበጠ። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ቀበርነው። አባቱ ግን አልሰሙም።

በእኛ አገር ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። ለጤነኛም ቢሆን እንደ ድንጋይ አይወረወርም። ጎሕ ሲቀድ የነፍስ አባቱ ይመጣሉ፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ከዚያ ይነገረዋል። ቢወድቅ የሚደግፈው፣ ቢያለቅስ አብሮት የሚያለቅስ እንዲኖር ነው። ስለዚህ የኔታ እስኪበረቱ ድረስ ይቆይ ተባለ።

እኔ ሥራነሽ ጎረቤታቸው ነኝ። ቤተሰቡ ጥቁር ልብሳቸውን እኔ ቤት እያወለቁ ነበር ወደ የኔታ የሚገቡት። ሚስታቸው ወለተ ኪዳን ፊቷን ታጥባ፣ ነጭ ነጠላ ደርባ ትገባለች። ልጁ መተማ ጭነት ይዞ ሄዷል ብላ ትዋሻቸዋለች። ከዚያ እኔ ቤት ተመልሳ ታለቅሳለች። እንባ መደበቅ እንዴት ያለ ከባድ ሥራ እንደሆነ ያየሁት ያኔ ነው።

ሐኪሙ ደግሞ ተስፋ ሰጥቶን ነበር። የተጎዳው ምላሳቸውና ቀኝ እጃቸው ነው፣ አእምሯቸው ግን ደህና ሊሆን ይችላል፣ የሚግባቡበት ነገር ፈልጉላቸው አለ። አንገታቸው ያለ ፈቃዳቸው ስለሚወዛወዝ እሺታና እንቢታቸው አይለይም። ግራ እጃቸው ጠረጴዛ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ተነሥቶ አይጠቁም፣ እስክሪብቶም አይጨብጥም። መላውን ያገኘችው ልጃቸው እስከዳር ናት። ከተማ ውስጥ ጽሑፍ የምትጽፍበትና ፎቶ የምታትምበት ሱቅ አላት። በላፕቶፗ ላይ ፊደሉን በትልልቁ ደረደረችና፣ ባለ ሽቦው ማውስ ጋቢያቸው ላይ እንዳይጠላለፍ ብላ ከመሳቢያ ውስጥ አንድ የቆየ ሽቦ አልባ ማውስ አወጣች። ሱቋ ውስጥ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ሞከረችው፤ ሠራ።

ወለተ ኪዳን ደግሞ የየኔታን ክብር የምታውቅ ሴት ናት። ለእሳቸውማ ተራ ጠረጴዛ አይቀርብም ብላ፣ ለዓመት በዓል ብቻ የምታወጣውን፣ ፊቱ ወፍራም መስታወት የሆነውን ጠረጴዛ አልጋው ጥግ አስጠጋች። ወልውላ ወልውላ እንደ ምንጭ ውኃ አጠራችው።

እስከዳር የአባቷን መዳፍ ማውሱ ላይ አስቀምጣ፣ ስምዎን ይጻፉልኝ አለቻቸው። ማውሱ የሚነዳት የላፕቶፑ ቀስት ወደ «አ» መሄድ ጀመረች፤ ከዚያ ዘልላ ጥግ ገባች። መለሷት። ቆመች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ድንገት ሌላ ፊደል ላይ አረፈች። ጠቅ ሲያደርጉ የማይሆን ነገር ተጻፈ። ደግመው ሞከሩ፣ ደግመው ሞከሩ። ግንባራቸው ላብ አወጣ። በስተመጨረሻ ማውሱን ገፍተው ጣሉት። ስንቱን የቅኔ ተማሪ ያስመረቁ ሰው ስማቸውን መጻፍ አቃታቸው።

ልቡናቸው ሄዷል ተባለ። እስከዳር አባቷን ላለማድከም ላፕቶፑን ወሰደች። ወለተ ኪዳን ከዚያ በኋላ ጥቁሯን እኔ ቤት ማውለቅ ተወች። ለማይሰማ ሰው ምን ይደበቃል? አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ይታያል ልጄ፣ መንገድ በላህ ወይ እያለች አንጀቷ እስኪያርር አለቀሰች። ለቅሶኛ ሲመጣም የመኪናውን አገለባበጥ እዚያው እፊታቸው እናወራ ነበር። የኔታ ጣራ ጣራውን ያያሉ።

አርባው ሲቃረብ የይታያል ፎቶ መታተም ነበረበት። እስከዳር የወንድሟን ፊት ደንበኛ በተሰለፈበት ሱቅ ውስጥ መሥራት አልቻለችም፤ ላፕቶፗን ይዛ ቤት መጣች። ያቺው የመስታወት ጠረጴዛ ከአልጋው አጠገብ አልተነሣችም ነበር። ፎቶዎቹ ያሉበትን ሃርድ ዲስክ ሰካች፣ ያንኑ ማውስ አነሣች፣ የወንድሟን ፊት ዙሪያውን መቁረጥ ጀመረች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ለድግሱ ምስር እለቅም ነበር።

ቀስቷ ከጆሮው ዘልላ ግንባሩ ላይ ወጣች። እስከዳር መለሰቻት። ተጎተተች፣ ቆመች፣ ደግሞ ዘለለች። ልጅቷ እጇን አንሥታ ትክ ብላ አየችው።

«እትዬ ሥራነሽ፣ የእኔ እጅ ደህና ነው አይደል?» አለችኝ።

ምን ለማለት እንደፈለገች የገባኝ ፊቷ ሲገረጣ ነው። ማውሱን ገልብጣ ክዳኑን ከፈተች። ባትሪው የሚነካው ሽቦ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ጋግሯል፤ የድሮ ባትሪ አፍስሶበት ኖሯል። በብርጭቆ ወረቀት ፍቃ አዲስ ባትሪ ከተተች። ከሥሩ መብራቷ ያለችበት ቀዳዳ ውስጥ ፀጉርና የጋቢ ብናኝ ተሰግስጎ ነበር፤ በወረንጦ ለቅማ በደረቅ ጥጥ ጠረገችው። መቆራረጡ ተሻለው እንጂ መጎተቱ አልቀረም። ሃርድ ዲስኩን ነቀለች፤ ለካ ከማውሱ መቀበያ ጎን ተሰክቶ ሲሠራ ሞገዱን ይረብሸዋል፤ ያን ዕለት ለየኔታ ስታዘጋጅም የሱቁን ሥራ እየገለበጠች እንደተሰካ ትታው ነበር። መጎተቱ ቆመ። መዝለሉ ግን አሁንም አለ።

ከዚያ እስከዳር፣ ወለተ ኪዳን ስኳር ያመጣችበትን ካርቶን ቀደደችና መስታወቱ ላይ አነጠፈችው። ማውሱን ካርቶኑ ላይ ነዳችው። ቀስቷ እጇን ተከትላ ቀጥ ብላ ሄደች። ቀስ ብላ አስረዳችኝ፤ ማውሱ በመብራቱ የሚሄድበትን እያየ ነው እርምጃውን የሚለካው፣ መስታወት ግን ብርሃኑን ያሳልፈዋል እንጂ የሚያየው ነገር አይሰጠውም። ይህን ብላ ካርቶኑ ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች። እኔም ምስሬን ተውኩት። የኔታን ማየት ፈራሁ።

ሳያቸው እሳቸው ጣራውን አልነበረም የሚያዩት። በላፕቶፑ ላይ ያለውን የልጃቸውን ፊት ነበር።

እስከዳር ፎቶውን ዘግታ ፊደሉን አመጣች። እጃቸውን ስማ ካርቶኑ ላይ፣ ማውሱ ላይ አኖረችው። ወለተ ኪዳን ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ቀስቷ ቀስ እያለች፣ ሳትሳሳት፣ ከፊደል ፊደል ሄደች።

«ይታያል መሞቱን ሰምቻለሁ። መርዶዬን ግን ማንም አልነገረኝም።»

ወለተ ኪዳን ማንበብ አትችልም። እስከዳር አነበበችላት። አሮጊቷ ባሏ እግር ላይ ወደቀች፤ ይቅር በለኝ ማለት እንኳን አቃታት። ሰውዬው ያን ሁሉ ቀን የልጃቸውን ሞት ከለቅሶኛ ወሬ ለቅመው፣ ከመካከላችን ተኝተው፣ አጽናኝ አጥተው ከርመዋል። ጠላት እንኳን ለጠላቱ መርዶ ሲነግር ወግ አለው።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ መጣን። የነፍስ አባታቸው ቄስ ወልደ ሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው ገቡ፣ ጎረቤቱ አልጋውን ከበበ፣ ጥቁር የለበሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ነበር፣ ገና መርዶ እንዳልሰማ ሰው። ቄሱ መስቀሉን አሳልመዋቸው፣ «መምህር፣ ልጅዎ ይታያል አርፏል። እግዜር ያጽናዎ» አሏቸው።

የየኔታ አፍ ተከፈተ። ደረታቸው ተነሣ፣ የአንገታቸው ጅማት ተገተረ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። እኛ እሳቸውን ፈርተን ዝም አልን። ግራ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ማውሱን ፈለገች፤ እስከዳር ካርቶኑን አስጠጋችላቸው። እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ ጻፉ፤ እስከዳርም ለሁላችን አነበበችው።

«እኔ ድምፅ የለኝም። እናንተ ጩኹልኝ።»