ቀዳሚው መዝገብ ተያይዞ ይቅረብ

የሳሙና ፋብሪካው ሠራተኞች የሰው ሀብት ኃላፊውን በስሙ የሚጠሩት ፊቱ ሲቆሙ ብቻ ነበር። ዞር ሲል «አቶ ይጎድላል» ነው። ፈቃድ ልትጠይቅ ብትሄድ አንድ ወረቀት ይጎድላል፤ እድገት ልትጠይቅ ብትሄድ አንድ ፊርማ ይጎድላል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛም፣ ሁሉም «እትዬ ማህተም» የሚላት፣ ከሌላው ጋር አብራ ስትስቅበት ኖራለች። ነገሩ ወደ ቤቷ እስኪመጣ ድረስ።

ታላቅ ወንድሟ እዚያው ፋብሪካ የቦይለር ኦፕሬተር ነው። አባታቸው ሲሞት እሷ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ትርፍ ሰዓት እየሠራ ያስተማራት፣ የጽሕፈት ሥራ ትምህርት ቤት ያስገባት፣ ኋላም እጇን ይዞ መዝገብ ቤት ያስቀጠራት እሱ ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ሁለት ቀርቷት ዛሬም «ጋሼ» ነው የምትለው። ይህ ጋሼ እንግዲህ ከቦይለር ክፍሉ ወደ ግቢው የሚወጣውን ደረጃ ሦስት ጊዜ ሳይቆም መጨረስ አቃተው። መጀመሪያ እርጅና ነው አለ፤ ቀጥሎ ሲጋራው ነው አለ፤ በመጨረሻ ተኝቶ መተንፈስ ስላቃተው ትራስ ደገፍ ብሎ ተቀምጦ ማደር ሲጀምር ሚስቱና እህቱ እየጎተቱ ሐኪም ቤት ወሰዱት።

የልብ ስፔሻሊስቱ በመሣሪያ አይቶ አንዱ የልቡ ቫልቭ ክፉኛ መጥበቡን ነገራቸው። መቀየር አለበት።

«መቼ?» አለች እትዬ ማህተም።

«በሁለት ወር ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ ልቡ ራሱ ይደክማል። የደከመ ልብ ደግሞ ቫልቩን ብንቀይርለትም እንደ ድሮው አይሆንም።»

ወጪው ስድስት መቶ ሰማንያ ሺህ ብር ነበር። ጋሼ ዋጋውን ሲሰማ ሳቀ። «በዚህ ገንዘብ አዲስ ሰው አይገዛም?» አላቸው።

እትዬ ማህተም ግን ወረቀት የምታውቅ ሴት ናት። የፋብሪካው የኅብረት ስምምነት ከክሊኒኩ አቅም በላይ ለሆነ ሕክምና ድርጅቱ በኮሚቴ ውሳኔ እስከ ግማሽ ድረስ እንደሚደግፍ ይላል። ግማሹ ሦስት መቶ አርባ ሺህ ነው። የሠራተኞቹ የቁጠባና ብድር ማኅበር በሁለት ዋስ፣ ከደመወዝ በሚቆረጥ ክፍያ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ ያበድራል፤ ግን ድርጅቱ ድርሻውን ካላጸደቀ ማኅበሩ ብድሩን አይለቅም። ቀሪው ዘጠና ሺህ በቤተሰቡ እጅ አለ። ሁሉም ነገር ታዲያ የተንጠለጠለው በኮሚቴው ላይ ነው፤ የኮሚቴው ጸሐፊ ደግሞ አቶ ይጎድላል ነው። ያልተሟላ ማመልከቻ ለኮሚቴ አያቀርብም።

ማመልከቻውን ጻፈች፤ የሐኪሙን ማስረጃ፣ የሁለት ሆስፒታሎችን ፕሮፎርማ፣ የመታወቂያና የደመወዝ ማረጋገጫ አያይዛ ወሰደች።

«ፕሮፎርማ ሦስት መሆን አለበት» አላት።

ሦስተኛውን አመጣች። በዚያ መሃል የመጀመሪያው የሚጸናበት አሥራ አምስት ቀን አልፏል። እሱን አሳደሰች። ቀጥሎ የሐኪሙ ማስረጃ ላይ ያለው ማህተም ፊርማውን አልነካም አለ። አስነካች። ቀጥሎ የአያታቸው ስም በመታወቂያው ላይ በአንድ ፊደል ይለያል አለ። ከቀበሌ አንድነቱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ አመጣች። ቀጥሎ የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ያስፈልጋል አለ። ቦርዱ የሚሰበሰበው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። ጋሼን በታክሲ ወስዳ፣ እየደገፈች አስወጥታ፣ ተራ ጠብቃ፣ ውሳኔውን ይዛ መጣች። ሰባተኛው ሳምንት ሆነ።

አቶ ይጎድላል ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለበጠ። ምንም አልጎደለም። እሷም አወቀች፤ እሱም አወቀ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ቀና አለና፣

«የቦርዱ ውሳኔ ኮፒ ነው፤ ዋናው ይጎድላል» አላት።

«ዋናው ቦርዱ ጋ ነው የሚቀረው። ለማንም የሚሰጡት የተረጋገጠ ኮፒ ነው፤ ማህተሙን ይዩት።»

«እሱን እነሱ ይጻፉልኝ።» ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያን ጊዜ ለዚያች አሻጊ ስትመሰክሩ እኮ ምንም አልጎደላችሁም ነበር።»

እትዬ ማህተም የሚጎድለው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ እሱ አንዲትን የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ በስርቆት ከስሶ ሊያባርር ሲል ጋሼ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቆሞ ዕቃውን የወሰደው የመኪና ጫኝ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ መሰከረ። ሴትዮዋ ነፃ ወጣች፤ ዛሬ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ናት። እሱ በሰው ፊት አፈረ። ያንን ሁሉ ጊዜ በሆዱ ይዞት ኖሯል።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ሥራ ላይ እንዳለ የቦይለሩ ግፊት መለኪያ ሥር ወደቀ። ሳንባው ውሃ ሞልቶ ነበር። እትዬ ማህተም ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ቆማ ኦክስጅኑ ሲያፏጭ እየሰማች አላለቀሰችም። ሚስቱ «ምነው ዝም አልሽ?» ብትላት፣ «እያሰብኩ ነው» ብቻ አለች። የምታስበው ስለ ጸሎት አልነበረም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ፋብሪካ የወጣና የገባ ደብዳቤ ሁሉ በእጇ አልፏል። ሰው መዝገብ ቤትን የወረቀት መጋዘን አድርጎ ያየዋል፤ የወረቀቱን ጠባይ የሚያውቅ ሰው እዚያ ተቀምጦ እንደሚውል አያስብም። እሷ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ጊዜ፣ ስለ አንድ የጉልበት ቀዶ ሕክምና የወጣ ደብዳቤ ትዝ አላት። በማግስቱ መዝገቡን ከፍታ ቁጥሩንና ቀኑን አየች። ኮፒ አላነሳችም፤ ለማንም አላሳየችም። ሚስጥር ማውጣት ከሥራ እንደሚያባርር ታውቃለች፤ ለአቶ ይጎድላል ያን ደስታ ልትሰጠው አልፈለገችም።

አዲስ ማመልከቻ ጻፈች። ጋሼን አስፈረመች፤ አድራሻውን ለዋና ሥራ አስኪያጁ፣ ግልባጩን ለሠራተኛ ማኅበሩ አደረገች። መጨረሻው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፦ «ድርጅቱ ከዚህ ቀደም በዚህ ቁጥርና ቀን በጻፈው ደብዳቤ ለሌላ ሠራተኛ በፈቀደው አሠራር እንዲታይልኝ አመለክታለሁ።» ቁጥሩ ተጻፈ፤ ስም አልተጻፈም።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አንብቦ ጥግ ላይ እንደ ደንቡ መራው፦ «ቀዳሚው መዝገብ ተያይዞ ለኮሚቴ ይቅረብ።» ሊቀመንበሯም ግልባጩ እንደደረሳት ስብሰባ በአስቸኳይ ይጠራልን ብላ ጻፈች።

ስብሰባው ላይ ሥራ አስኪያጁ፣ የፋይናንስ ኃላፊዋ፣ ሊቀመንበሯና ጸሐፊው ተቀመጡ። እትዬ ማህተም መዝገቦቹን አቅርባ፣ ብትፈለግ ብላ በሩ አጠገብ ቆመች። አቶ ይጎድላል የጋሼን ማመልከቻ በቅሬታ ቃና አነበበ። ከዚያ ቀዳሚውን መዝገብ ገለጠ። ገለጠና መልሶ ሊከድነው ሞከረ።

«እሺ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ይሄ… ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም።»

«እሱን እኛ እንወስናለን። ጮክ ብለህ አንብበው።»

አነበበ። ምን ያድርግ! በራሱ የተጻፈ ማመልከቻ ነበር፤ ለጉልበቱ ቀዶ ሕክምና ሁለት መቶ አሥር ሺህ የጠየቀበት። የተያያዘው ፕሮፎርማ አንድ ብቻ ነው። የቦርድ ውሳኔ የለም። ሙሉ ወጪው እንዲሸፈንለት የተፈቀደው ደግሞ ማመልከቻው ገቢ በሆነ በአራተኛው ቀን ነው። ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ «ከሠላምታ ጋር» የሚለው ላይ ሲደርስ የሚሰማው ለራሱ ብቻ ነበር።

«አልሰማሁም» አለች ሊቀመንበሯ። «የማን ፊርማ ነው ያልከው?»

ሥራ አስኪያጁ የጋሼን ወረቀቶች ወደ ራሱ ሳበና ራሱ ቆጠረ። «ሦስት ፕሮፎርማ። ቦርድ። ማስረጃ። ምን ጎደለ?» ከሦስቱ ዝቅተኛው ዋጋ ተመርጦ ግማሹ ጸደቀ፤ ቼኩ በሆስፒታሉ ስም እንዲሠራ ተወሰነ።

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ይችል ነበር። እትዬ ማህተም የመጣችበትን አግኝታለች። ግን የፋይናንስ ኃላፊዋ መነጽሯን አውጥታ መዝገቡን ታገላብጥ ጀመር።

«ለጉልበቱ የወጣው በቅድሚያ ክፍያ ነው። የሆስፒታሉ ደረሰኝ ቀርቦ መወራረድ ነበረበት። እዚህ የለም። እትዬ፣ ሌላ ቦታ ተመዝግቦ ይሆን?»

አቶ ይጎድላል ዞር ብሎ አያት። «ልፈልግ» ብትል አንድ ሳምንት ያገኛል፤ በአንድ ሳምንት ደግሞ ሰው ብዙ ነገር ይፈጥራል። ዓይኑ ይለምናት ነበር። እሷም ዓይኑን ሳትለቅ፣ ቃል በቃል እያስረገጠች፣

«የለም። የዚያን ዓመትና የተከታዩን ዓመት ገቢ መዝገብ ሦስት ጊዜ አይቻለሁ። ጉልበቱም አልተቀደደም፤ በዚያ ወር አንድም ቀን የሕመም ፈቃድ አልወሰደም» አለች።

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ፊቱ አመድ ሲመስል አየችው፤ ጠግባ አየችው። ከበሩ ስትወጣ እግሯ መሬት የነካ አልመሰላትም።

ኦዲተር መጣ። አቶ ይጎድላል ከኃላፊነቱ ተነሳ፤ ሁለት መቶ አሥሩ ሺህ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲመለስ ተወሰነ፤ ጉዳዩም ለሕግ ክፍል ተመራ። አንድ ቀን በመዝገብ ቤቱ መስኮት መጥቶ፣ «ልጆች አሉኝ እኮ» አላት።

«ጋሼም አሉት» አለችው።

ቀዶ ሕክምናው ስድስት ሰዓት ፈጀ። ቫልቩ ተቀየረ፤ ጋሼ ዳነ። ግን ሐኪሙ አስቀድሞ የፈራው አልቀረም፤ ልቡ ያን ሁሉ ሳምንት ሲጠብቅ ደክሟል። ወደ ቦይለሩ አይመለስም፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ቁጭ ብሎ የሚሠራው ቀለል ያለ ሥራ ተሰጠው። ሠላሳ ዓመት የለመደውን የእንፋሎት ድምፅ ተነጠቀ። እትዬ ማህተም የጠፉትን ሳምንታት ስታስብ የተወጣችው በቀል ያንሳታል።

ጋሼ የሆነውን ሁሉ የሰማው አልጋው ላይ ሆኖ ነው።

«ገንዘቡ ከተፈቀደ በኋላ ማለፍ ትችይ ነበር» አላት።

«እችል ነበር።»

«ይቅር በይው እንግዲህ። ሰውየው ወድቋል።»

«አንተ ይቅር በለው ጋሼ፤ ለአንተ አዲስ ቫልቭ ገብቶልሃል። የእኔ የድሮው ነው።»

ሳቀ፤ ሲስቅ የተሰፋው ደረቱ አመመውና ትራሱን አቀፈ። «አታስቂኝ፣ አንቺ መርዝ!» አላት።

ውሃ ቀድታለት፣ ብርድ ልብሱን አስተካክላለት ወጣች። ወደ ቤቷ የሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ያ «ከሠላምታ ጋር» ትዝ ሲላት ብቻዋን ሳቀች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ስልክ የምታወራ መስሎት ነበር።