ሞግዚት የሚሉት ቃል

ሦስት ሰዎችና አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትርጉም ቢሮዬ ሲገቡ ወንበር አልበቃንም። ሽማግሌው ጎረቤት በሩን ተደግፈው ቆሙ። አጎትየው ተቀመጠ። አክስትየዋ ልጅቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ከሆስፒታል በውጭ ቋንቋ ተጽፎ የመጣውን ደብዳቤ ዘረጋችልኝ።

ልጅቷ ከነገ ወዲያ ጆሮዋ ላይ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት ነው። እናትና አባቷ ሞተዋል፤ ሆስፒታሉም ሕጋዊ ኃላፊዋ ቅጹን ፈርሞ ያምጣ ብሏል። አክስትየዋ ልፈርም ስትል “እርስዎ የተቀጠሩ ልጅ ጠባቂ ነዎት፤ ቤተሰብ ይምጣ” ብለው መለሷት። ይህ ቀጠሮ ካለፈ ተራዋ ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ እስከዚያ ደግሞ ያ ጆሮ ጭራሽ ሊዘጋ ይችላል።

“አራት ዓመት ያሳደግኋት እኔ፣ ተቀጣሪ!” አለች አክስትየዋ።

ነገሩ ገረመኝ፤ እኔ ደግሞ የገረመኝን ነገር ሳልጎረጉር አልተውም። አብረው ያመጡት የፍርድ ቤት ውሳኔ “አክስቷ የሕፃኗ ሞግዚትና አሳዳሪ ሆና ተሹማለች” ይላል። ለሆስፒታሉ የቀረበውን ትርጉሙን ገለጥኩ። ሞግዚት የሚለው፣ በደሞዝ ልጅ የምትይዝ ሴት በምትጠራበት ቃል ተተርጉሟል። በእኛ ቋንቋ ልጅ ለመያዝ የምትቀጠረውም ሞግዚት ናት፤ ፍርድ ቤት በወላጅ ቦታ የሚተካውም ሞግዚት ነው። በሆስፒታሉ ሰዎች ቋንቋ ግን ሁለቱ አይገናኙም።

“ይህን የተረጎመው የትኛው ጅል ነው?” አልኩ።

አክስትየዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ። የመጨረሻውን ገጽ ገለበጥኩት፤ ማኅተሙ የእኔ ነው፤ ፊርማውም የእኔ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው። ልጅቷ ብቻ ከት ብላ ሳቀች።

“ችግር የለውም፣ እኔ እፈርማለሁ” አለ አጎትየው የውክልና ወረቀት ከኪሱ እያወጣ። “ሟቹ ወንድሜ ለሁሉም ነገር ወክሎኛል።”

አነበብኩት። “ወንድሜ፣ ወኪል የሚሠራው በወካዩ ስም ነው። ወካዩ ሲሞት ውክልናውም ያበቃል።”

“ማኅተሙን እዪው እንጂ፣ እንኳን ሊያበቃ አልደበዘዘም!”

“ማኅተሙ ደህና ነው። የሌለው ሰውየው ነው።”

እንዳልኩት ምላሴን በቆረጠው አልኩ። አጎትየው ወረቀቱን ቀስ ብሎ አጠፈ።

ሽማግሌው ከበሩ ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ። “ልጄ፣ እኔም እዚያ ውሳኔ ላይ ስሜ አለ። ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን ይይዙኛል?”

“አባባ፣ ምን ብለው ነው የመሰከሩት?”

“ወላጆቿ እንደሞቱ፣ ይህችም የእናቷ እህት እንደሆነች።”

“እውነት ነው?”

“እንዴታ! ሁለቱንም የቀበርኩ ነኝ።”

“እንግዲያው የሚጠየቁት ለተናገሩት እውነት ብቻ ነው። ምስክር ነዎት እንጂ ዋስ አይደሉም።”

“አይ የእኔ ነገር! አራት ዓመት ሙሉ ይህች ልጅ ዛፍ ላይ በወጣች ቁጥር ልቤ ሲወርድ የኖረው በከንቱ ነው?”

ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ አክስትየዋ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለች። “ለምን እናት ብለሽ አትጽፊውም? አንድ ቃል አይደለች?”

እውነቱን ለመናገር፣ እንዳለችው ልጽፍ አማረኝ። በደሌን ለመካስ ቸኩዬም ነበር። “ውሳኔው ያላለውን ከጻፍኩ ሁለተኛው ስህተቴ ከመጀመሪያው ይብሳል” አልኳት።

ውሳኔውን ግን እንደገና ከሥር ጀምሬ አነበብኩ። “ስለ ሕፃኗ ጤና፣ ትምህርትና መኖሪያ ትወስናለች፤ ስለ እሷ ትፈርማለች” ይላል። ይህን ሁሉ የሚሸከመውን የሕግ ቃል ተክቼ ትርጉሙን አስተካከልኩ። ከሥሩም “የቀድሞው ትርጉም ስህተት ነው፤ ስህተቱም የተርጓሚዋ ነው” ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ማኅተሜንም መታሁበት።

ቀጥሎ የሆስፒታሉን ቅጽ በአማርኛ አነበብኩላት። የማደንዘዣው አደጋ፣ የፊት ነርቭ ሊነካ እንደሚችል፣ መስማቷ ላይሻሻል እንደሚችል። ብዕሩን ሰጠኋት። ወረቀቱ ላይ ሳታሳርፈው ቀረች።

“ከእኔ ሌላ የሚፈርም የለም?”

አጎትየው ያጠፈውን ወረቀት ያያል። ሽማግሌው መሬት መሬት ያያሉ።

“የለም” አልኳት።

“ተቀጣሪ ሲሉኝ ነው የተናደድኩት። ይሄን አላሰብኩትም።” ድምፅዋ ተሰበረ። “ፈራሁ።”

እኔም ፈራሁላት። ልጅቷ ደህናውን ጆሮዋን ወደ አክስቷ አዞረች።

“ምን አለች ሴትዮዋ?”

“ስላንቺ የምጠየቀው እኔ ነኝ አለች።”

ልጅቷ ግራ ተጋብታ ተራ በተራ አየችን። “ድሮስ ማን ነበር?”

አክስትየዋ ፈረመች።