ዋቅጋሪ የቀረባቸው ቀናት

ዋቅጋሪ በተቀበረ በሳምንቱ አባቱ ኦቦ ሌንጂሳ የልጃቸውን ታብሌት ይዘው ከእጃጂ ተነስተው አምቦ፣ ከዋቅጋሪ ጋር እንኖርበት ወደነበረው የዩኒቨርሲቲ ዶርም ድረስ መጡ።

«ሕመሙ መቼ እንደጀመረው ፈልግልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ዋቅጋሪ ሌክቸሩን ታብሌቱ ላይ በብዕር ይጽፍ ነበር። እኔ ላፕቶፕ ላይ እተይባለሁ። «አንተ ገጽ ስትገልጥ እኔ ፈልጌ አግኝቼ ተኝቻለሁ» ስለው፣ «አንተማ ታይፒስት ነህ!» ይለኝ ነበር።

ታብሌቱ ላይ «ሕመም» ብዬ ፈለግኩ። ምንም አልወጣም፤ መተግበሪያው የአማርኛ የእጅ ጽሑፍ አያነብም። ገጽ በገጽ ገለጥን። ስለ ሕመሙ የጻፈው ነገር የለም፤ ግን ከጥር ጀምሮ ፊደሎቹ እየተለቁ ከመስመር ይወጣሉ።

«ከጥር ነው እንግዲህ» አሉ፣ መስታወቱን በጣታቸው እየዳሰሱ። «ያንተ ደብተርስ ምን ይላል?»

የእኔ ማስታወሻ ውስጥ ስሙን ፈለግኩ። ወዲያው ሰባት ቦታ ወጣ። የመጀመሪያው የኅዳር ነው፦ «ዋቅጋሪ ራሱን አሞት ቀርቷል፤ ኖት ይላክለት።» የቀሩት ስድስቱም ያንኑ ይላሉ።

ሰባቴ ኖት ልኬለታለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሐኪም ቤት እንሂድ አላልኩትም።

«ከኅዳር ነው» አልኳቸውና ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዞርኩት።