ከአንድ ቀጥሎ ሦስት

እስከዳር ከአንድ ቀጥሎ ሦስት መምጣቱን ያስተዋለችው፣ የጋሽ ዳኜ አውራ ጣት ቀለም ነክቶ ወረቀቱ ላይ ካረፈ በኋላ ነበር።

መሐል ሜዳ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የጽሕፈት ሱቋ፣ ወንድምአገኝ የሚባል ደላላ የጋሽ ዳኜን የገብስ መሬት የኪራይ ውል ሲያስጽፍ አረፈደ። ጣቱን እየላሰ ገጽ ሲገልጥ ፊቷን ታዞር ነበር።

«የግርጌ ማስታወሻውን ቁጥር ኮምፒውተሩ በራሱ እንዳያስተካክለው። እኔ በሰጠሁሽ ወረቀት ላይ እንዳለ በእጅሽ ተይቢው» አላት።

እሷም እንዳለ ተየበች። አሁን እሱ ምሳ ሊበላ ሄዷል። ጋሽ ዳኜ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ውሉ ነገ ጠዋት ወረዳው ዘንድ ሊመዘገብ ነው።

«ጋሽ ዳኜ፣ ማንበብ ስለማልችል ቄስ አነበቡልኝ ያሉኝ ረቂቅ አለ?»

ከጋቢያቸው ስር አጣጥፈው የያዙትን አወጡ። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋች። በረቂቁ አንቀጽ አራት «መሬቱ ከሦስት ዓመት በኋላ²» ይላል፤ ግርጌው ላይ ² «ያለ ምንም ጥያቄ ለባለቤቱ ይመለሳል።» አንቀጽ ዘጠኝ «የዕቃ ማከማቻው³» ይላል፤ ³ «ተከራዩ ከፈለገ ለሰባት ዓመት ይራዘማል።» በእሷ እጅ በተተየበው ግን ከ¹ ቀጥሎ አንቀጽ አራት ላይ ³፣ ዘጠኝ ላይ ² ቆመዋል። ከግርጌው አንዲት ቃል አልተነካም። ኮምፒውተሩን ብትተወው ኖሮ፣ ቀድሞ የመጣውን ሁለት ይለው ነበር።

ይህን ትል በገዛ ጣቷ ነው የቀፈቀፈችው።

ወንድምአገኝ ጥርሱን በእንጨት እየጎረጎረ ገባ። «ኮፒው አለቀ?»

«ጋሽ ዳኜ፣ መሬትዎ በሦስት ዓመት አይመለስም። የሚመለሰው የዕቃ ማከማቻው ነው። መሬቱን ተከራዩ ከፈለገ ሰባት ዓመት ይጨምርበታል» አለች ጣቷን ቁጥሯ ላይ አድርጋ።

«አንቺ ጸሐፊ ነሽ ወይስ ጠበቃ?»

«ጸሐፊ ነኝ። ለዚህ ነው የሚያቅለሸልሸኝ።»

ጋሽ ዳኜ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ይቺ ቅማል የምታህል ናት የአባቴን መሬት የምትበላው?»

«የአጻጻፍ ስህተት ነው አባባ፣ ነገ ይታረማል…» አለ ደላላው፤ ወረቀቱን ሊነጥቅም እጁን ዘረጋ። ጣቱ አሁንም ርጥብ ነበር።

«ያንን የተላሰ ጣትህን አንሳ!» ጋሽ ዳኜ የራሳቸው አሻራ ያለበትን ጥግ ቀድደው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። አሻራቸው ያረፈበትን ሁለተኛውንም ቅጂ እንደዚያው። «አሻራዬ ከእኔ ጋር አገሬ ቀየት ይገባል። አንተ ግርጌህን ይዘህ ሂድ።»

«ከእንግዲህ አንዲት ገጽ ሥራ አታገኚም» አላት ደላላው ወጥቶ ሲሄድ።

እስከዳር እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ደግማ ታጠበች። ከፋይሉ ውስጥ ሁለቱን ቁጥሮች ወደ ቦታቸው መለሰች፣ ለጋሽ ዳኜም ንጹሕ ቅጂ አትማ ሰጠቻቸው። የተሳፈሩበት ሚኒባስ እስኪታጠፍ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻቸው።

ከዚያ የሚመጣባትን አሰበች፦ ደላላው ተመልሶ ይመጣል፣ ማሽኑን ይሰብራል፣ ልጆቿን መንገድ ላይ ይጠብቃል። ሲመሽ የብረት በሩን ጎትታ ቆለፈችው። ቁልፉን አንዴ ሳይሆን ሁለቴ አዞረች።