አንድ ምንጭ፣ አሥራ አንድ ስም

ቁጡ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ ራሴ ልንገራችሁ። ፍራሽ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ሁለት ሥራ እሠራለሁ። አንዱ፣ ሰው ኢንተርኔት ላይ ፍራሽ ሲፈልግ የእኛ ስም ከላይ እንዲወጣ የምንከፍልበትን የፍለጋ ማስታወቂያ መምራት ነው። ሌላው፣ ገዢው ከየት እንደመጣ በየወሩ ሪፖርት ማውጣት። ከወንበሬ በላይ «የዓመቱ ምርጥ ማስታወቂያ፦ ፍለጋ» የሚል ባለመስታወት ምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። ስገባም ስወጣም አየዋለሁ፤ ምን ልዋሽ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጠሩኝ። «የባለቪዲዮዋ ውል ወሩ ሲያልቅ አይታደስም» አሉኝ። ባለቪዲዮዋ ለፌስቡክ ማስታወቂያ አጫጭር ቪዲዮ የምትሠራልን ልጅ ናት፤ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። «እይው እስቲ፣ ፍለጋ ሃምሳ ስምንት ትእዛዝ፣ ፌስቡክ ዘጠኝ። ለዘጠኝ ፍራሽ ሰው አልቀጥርም።»

«ጋሼ፣ ይኼ ዘጠኝ ውሸት ነው» አልኳቸው።

«ሪፖርቱን የሠራሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

የሠራሁትስ እኔው ነኝ። ግን ማሳያ ክፍላችን የሚገባው ሰው ሁሉ «ያቺ ድመት የምትዘልበት ፍራሽ የቱ ነው?» እያለ ነበር የሚገባው። ድመቷ ደግሞ የባለቪዲዮዋ ናት።

ወንበሬ ላይ ተመልሼ ሪፖርቱን እንደገና ከፈትኩ። ገጹ ሲከፈት የሚያሳየው አሥር መስመር ብቻ ነው፤ እኔም ለዓመታት ከአሥሩ በታች ወርጄ አላውቅም ነበር። ወረድኩ። ወይ ጉድ! ፌስቡክ አንድ ቦታ ሙሉ ስሙን ይዞ፣ ሌላ ቦታ በሁለት ፊደል አጥሮ፣ አንዱ ጋ የወር ስም ተለጥፎበት፣ አንዱ ጋ «ቪዲዮ» ተብሎ፣ አንዱ ጋ «ድመት» ተብሎ ተቀምጧል። ቆጠርኩት፤ አሥራ አንድ ስም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማስታወቂያ ስናወጣ ሊንኩ ጫፍ ላይ መለያ እንለጥፋለን፦ ሰውየው ከየት መጣ፣ በምን ዓይነት መንገድ፣ በየትኛው የማስታወቂያ ዘመቻ። ሪፖርቱ የተጻፈለትን እንዳለ ይቀበላል እንጂ «እነዚህ አንድ ናቸው» ብሎ አያስብም። አሥራ አንድ ስም ከሰጠኸው አሥራ አንድ መንገድ ይቆጥርልሃል።

ማስታወቂያ ጫኛችን ጋ ሄጄ አሥራ አንዱን ስም አሳየሁት። ቪዲዮዎቹን ፌስቡክ ላይ የሚጭነው እሱ ነው፤ ቀልደኛ፣ ግን ግትር።

«ሊንኩ ይከፈታል?» አለኝ።

«ይከፈታል።»

«ታዲያ ምን ቸገረሽ? ለራሴ እንዲታወቀኝ ነው የምጽፍበት።»

«ላንተ ታወቀህ፤ ልጅቷ ግን ልትባረር ነው!» ብዬ ጮህኩበት። ቢሮው ሁሉ ዞሮ አየን። እሱም ሳቁን ዋጠ።

አሥራ አንዱን በእጄ ደመርኩ፤ አርባ ሰባት ትእዛዝ ሆነ። ይዤ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሮጥኩ። እሳቸው መነጽራቸውን አወለቁ። «አንደኛ፣ አርባ ሰባትም ከሃምሳ ስምንት ያንሳል። ሁለተኛ፣ ጓደኛሽን ለማዳን በእጅሽ የሰበሰብሽውን ቁጥር አላምንም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይኼም ሪፖርት አንዴ የመዘገበውን ስም ወደ ኋላ ተመልሼ ልቀይርበት አልችልም። «እንግዲያው ሁለት ሳምንት ይስጡኝ። ሁሉም ሊንክ በአንድ ሕግ ይውጣ፤ ከዚያ እኔም ምንም አልደምርም፣ ሪፖርቱ ራሱ ይናገር» አልኳቸው።

«ሁለት ሳምንት። ከፍለጋና ከፌስቡክ የበለጠው ይቀጥላል።»

በዚያው ቀን ኮምፒውተር ላይ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ማንም መለያ በእጁ አይጽፍም፤ ምንጩንም መንገዱንም ከተዘጋጀ ዝርዝር ይመርጣል፣ የዘመቻውንም ስም እኔ ከመዘገብኩት ይወስዳል፣ ሰንጠረዡ ሊንኩን ራሱ ገጣጥሞ ይሰጠዋል። ለፌስቡክ አንድ ስም ብቻ፣ በትንንሽ ፊደል። የተከፈለበት ማስታወቂያ በነፃ ከምንለጥፈው ይለያል። ከሰንጠረዡ ያልወጣ ሊንክ አይጫንም። ማስታወቂያ ጫኙ መጀመሪያ ቀን በእጁ በጻፈው ሊንክ ሦስት ጊዜ ሞከረኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ መለስኩበት። «አንቺ ሴትዮ ጉምሩክ ነሽ እንዴ?» አለኝ። በአራተኛው ከሰንጠረዡ አወጣ።

ባለቪዲዮዋ ሁሉንም ሰምታለች። ሻይ ይዛልኝ መጥታ «እትዬ፣ ለእኔ ብለሽ ከሰው አትጣዪ» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «ለአንቺ ብዬ አይደለም፣ ውሸት ስለሚያናድደኝ ነው» አልኳት። ግማሹ እውነት ነበር።

ዓርብ ደረሰ። ዓርብ ዓርብ ለድሮ ደንበኞቻችን በስልክ አጭር መልእክት የምልከው እኔ ነኝ፤ ትራስ፣ አንሶላ፣ ቅናሽ እያልኩ። እንደ ልማዴ ያለፈውን ሳምንት ሊንክ ቀድቼ ልለጥፍ ስል እጄ ቀረ። ሊንኩ ጫፍ ላይ ያለው መለያ «ፍለጋ» ይላል። ከብዙ ወራት በፊት ቸኩዬ ከራሴ የፍለጋ ማስታወቂያ ቀድቼው ኖሯል፤ ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ እሱኑ ስቀዳ ከረምኩ። በመልእክቱ የገባ ደንበኛ ሁሉ ለእኔ ፍለጋ ሲቆጠርልኝ ኖሯል ማለት ነው። ሃምሳ ስምንቱም፣ ግድግዳው ላይ ያለው ምስክር ወረቀትም ከዚህ የመጡ ናቸው።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ሰው ላይ ስጮህ ከርሜ!

ደግሞ ሰይጣን አይተኛም። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እንዳለ ብልከው ማንም አይጠይቀኝም። ምስክር ወረቀቱን ቀና ብዬ አየሁት፣ ከማሳያ ክፍሉ መስታወት ወዲያ ደግሞ ባለቪዲዮዋ ድመቷን ፍራሽ ላይ ልታስተኛ ስትታገል አየኋት። ሰንጠረዡን ከፈትኩ፤ ከዝርዝሩ «አጭር መልእክት» የሚለውን መረጥኩ፤ ላክሁት።

ሁለቱ ሳምንት አለቀ። ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ሰብስበው ሪፖርቱን ግድግዳው ላይ አበሩት። ከላይ፣ አንድ መስመር ላይ፣ ፌስቡክ የተከፈለበት፦ ሃያ አምስት። ቀጥሎ አጭር መልእክት፦ አሥራ ሰባት። ከዚያ ፍለጋ፦ አሥራ ሁለት።

«ምን ነካው ፍለጋን?» አሉ።

«ምንም አልነካውም ጋሼ። ድሮም ይኼው ነበር» አልኩና ተነሣሁ። ፊቴ እየነደደ ሁሉንም ተናገርኩ፤ የቀዳሁትን ሊንክ፣ ወራቱን፣ ሁሉንም። «አሥራ ሁለትና አሥራ ሰባት ቢደመር ሃያ ዘጠኝ ነው። ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እኔ እበልጥ ነበር፣ እሷም ትወጣ ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉና የልጅቷን ውል እዚያው ፈረሙ። ለፍለጋ የተመደበውን ገንዘብም በግማሽ ቀነሱብኝ። አመመኝ፤ አላመመኝም ብል ውሸት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ግድግዳው ላይ ምስማሩ ብቻ ነበር፤ ወረቀቱን እኔው አውርጄ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ባለቪዲዮዋ እየሮጠች መጣች፣ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠራርጋ ስልኳን ዘረጋችልኝ፦ «እትዬ፣ አዲሷ ቪዲዮ! ሊንኩን ራሴ ጽፌዋለሁ፤ ቶሎ እንዲጫን ብዬ።»

አየሁት። ጫፉ ላይ «ድመት ሁለት» ይላል።

«ከሰንጠረዡ አልወጣም፤ አይጫንም» አልኳት።

«እትዬ! ለእኔም?»

«ላንቺማ በተለይ» አልኳትና ወንበሬን ለቀቅሁላት፣ ቁጭ ብላ ከዝርዝሩ እንድትመርጥ።