የጓድ ኢተፋ ሙሌት

በናዝሬቱ የማስታወቂያ ጽሕፈት ቤት ጠዋት ጠዋት የእንግሊዝኛው ጋዜጣ ርእሶች ከአዲስ አበባ በስልክ ይነገራሉ፤ ጋዜጣው ራሱ ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ይደርሳል። ተርጓሚዋ ፀዳለ አጥንት ብቻ ሆነው የሚመጡትን ርእሶች ሥጋ አልብሳ ወደ አማርኛ ትመልሳለች። አለቃዋ ጓድ ኢተፋ ደግሞ ስብ ይጨምርባቸዋል። ክፍት ቦታ ባየ ቁጥር ለደጉ ነገር «ሰፊው ሕዝብ»፣ ለክፉው «አድኃሪያን» ይወትፋል። ከዚያ በገበያው ድምፅ ማጉያ ይነበባል።

ያን ዕለት የመጣው ርእስ «የደራ መጋዘነኛ የተያዘ፣ ዘር የጠፋ» የሚል ነበር። በአጎራባቿ በደራ ከተማ የዘር እህል መጋዘን የሚጠብቀው ጉተማ ነው፤ ሚስቱ ዲንቄ የፀዳለ ጎረቤት ናት። ፀዳለ ግን እንደ ወትሮዋ ጻፈች፦ «የደራ መጋዘነኛ ተይዟል፤ ዘርም ጠፍቷል። ሰውዬው ለምን እንደተያዘ ርእሱ አይገልጽም።»

«‹አይገልጽም› ብሎ ዜና አለ?» አለ ኢተፋ።

«ጓድ፣ መሐል ያለችው ነጠላ ሰረዝ ‹እና› ማለት ናት፤ ‹ስለዚህ› አይደለችም። ዝርዝሩ ከሰዓት ይደርሳል፤ እንጠብቅ።»

«ሰረዝ ስትጠብቂ አብዮቱ ጥሎሽ ይሄዳል፣ እህቴ!»

ወረቀቱን ነጥቋት ጻፈ፦ «የሰፊውን ገበሬ ዘር ሰርቆ የሸጠው አድኃሪ መጋዘነኛ ጉተማ በሕዝብ ትግል እጅ ከፍንጅ ተያዘ።» ስርቆቱም፣ ሽያጩም፣ እጅ ከፍንጁም በስልክ አልመጡም። ጽፎ ሲጨርስ በልቶ እንደጠገበ ሰው አገሳ።

እኩለ ቀን ላይ ገበያው ሰማ። ወዲያው ቀበሌው የጉተማን ቤት በሰም አሸገው። ዲንቄ ልጆቿን ይዛ ደጅ ቀረች።

አውቶቡሱ ደረሰ። ከርእሱ ሥር የተጻፈው ሌላ ነው፦ ዘሩ መጥፋቱን ያመለከተው ራሱ መጋዘነኛው ነው፤ የተያዘውም ቃሉን እንዲሰጥ ነው፤ ዘሩን ያስጫኑት አለቆቹ ናቸው። ኢተፋ ጥርሱ መሐል የገባውን ሥጋ በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ አነበበው። ማስተካከያውን ራሱ ጻፈላት፦ «የደራው ዜና ታርሟል።»

«በቃ?»

«በቃ። ዜና ሲያጥር ነው የሚያምረው።»

ፀዳለ ሦስቱን ቃላት ይዛ ድምፅ ማጉያው ጋ ሄደችና የዘወትር ሥራዋን ሠራች፦ «ጓድ ኢተፋ ዝርዝሩን ሳያዩ፣ መጋዘነኛው ጉተማ ዘር ሰርቋል ብለው ዛሬ ያስነበቡት ዜና ሐሰት ነው። ጉተማ ዘሩ መጥፋቱን ያመለከተው ሰው ነው።»

ኢተፋ እያለከለከ ደርሶ ገመዱን ነቀለው። «ማን ጨምሪ አለሽ?»

«አልጨመርኩም። እርስዎ የጣሉትን መለስኩ።»

ዲንቄ ሰምታለች። የቀበሌው ሊቀመንበር ነገሪም በሯ ላይ ቆሞ ሰምቷል።

«በል ክፈትልኝ!» አለችው።

ነገሪ በእጁ ተናፈጠና ጣቱን ግድግዳዋ ላይ ጠረገ። «በአፍ በተነገረ ነገር ቤት አይከፈትም። በጽሑፍ ይምጣ።»

«ስታሽገውስ በአፍ አልነበር?»

ዲንቄ ሰሙ ላይ እንትፍ አለችበትና በጥፍሯ ትልጠው ጀመር።