አንድ ኢሜይል ለሁሉም

ፈረደ ብቸና ውስጥ ሞባይል ይጠግናል፣ ይሸጣል፤ ኢሜይል ለሌለውም ኢሜይል ይከፍታል። እውነቱን ለመናገር፣ መክፈቱ ከሰለቸው ቆይቷል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የይለፍ ቃል ማውጣት፣ ሰውየው በሳምንቱ ረስቶት ሲመጣ እንደገና መድከም ምን አመጣው? የሱቁን ኢሜይል በሁሉም ስልክ ላይ ያስገባ ጀመር። አፕ ለማውረድ ይበቃ ነበር፤ ደንበኛውም አመስግኖ ይሄዳል።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ወይንእሸት ከእነዚያ ደንበኞች አንዷ ናት። አባቷ መሪጌታ ወልደ ኪዳን ሞጣ ላይ ቅኔ ያስተምሩ ነበር። በየወሩ እየሄደች ቅኔ ሲዘርፉና ሲያስተምሩ በስልኳ ትቀርጻቸዋለች። ስልኩ ሲሞላባት ፈረደ ዘንድ መጣች። እሱም በሱቁ ዋይፋይ ቪዲዮዎቹን ወደ ጎግል ፎቶ ጫነላትና ከስልኩ ላይ አጠፋቸው። የማታውቃቸው ሰዎች ሠርግና ክርስትና በመሃል ተቀላቅሎ ብታይ ጠየቀችው። «ኢሜይሉ አንድ ስለሆነ ነው፤ አይጠፋም፣ ምንም አታስቢ» አላት።

ኅዳር ላይ ስልኳ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሞተ። በተራ ስልክ ስትሠራ ከረመች፤ ቪዲዮዎቹ ፈረደ ዘንድ አሉ ብላ ሐሳቧን ጥላ። ሚያዝያ ላይ አባቷ አረፉ። ግንቦት መግቢያ ላይ አዲስ ስልክ ይዛ ሱቁ ገባች፤ ዓመቱ ሁለት ሺህ ዐሥር ነበር። በአርባቸው ተማሪዎቹ ሊሰሟቸው ይፈልጋሉ፣ ሁሉንም እዚህ አውርድልኝ፣ ለእኔም በስሜ ኢሜይል ክፈትልኝ አለችው።

ጥር ላይ የፈረደ ሚስት ባንቺዓለም የእሱን ስልክ ከፍታ፣ የማታውቃቸውን ሴቶች ፎቶ በመቶዎች ስታገኝ ቤቱ በጠብ ተቃጥሎ ነበር። የደንበኞች ነው ቢላት ማን ይሰማዋል! ዕርቅ ለመግዛት ፊቷ ቁጭ ብሎ ያለውን በሙሉ መርጦ አጠፋ። መጣያው ውስጥ ስልሳ ቀን እንደሚቆይ ስላወቀች እሱንም አስጠረገችው። ያኔ የሌላ ሰው አደራ እያጠፋ መሆኑ ለአፍታም ትዝ አላለውም። ሚስቱ ስለሳቀችለት ብቻ ደስ ብሎት ነበር።

ይህን መናገር ነበረበት። አፉ ግን ሌላ አወራ። የኢሜይሉን ውሂብ በሙሉ ከጎግል እጠይቃለሁ፣ ጠቅልለው ማውረጃውን በኢሜይል ይልኩልኛል፣ ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ በፍላሽ ሞጣ ድረስ አመጣልሻለሁ አላት። ለእሷም አዲሱን ኢሜይል ከፈተላትና የይለፍ ቃሉን ራሷ እንድታስገባ ፊቱን አዞረ። ከአራት ዓመት ወዲህ ይህን ያደረገው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ውሂቡንም በእርግጥ ጠየቀ። ያጠፋው ነገር እንደማይመለስ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ግን ሰው ሲጨንቀው የማያምነውንም ይሞክራል። በማግስቱ ማውረጃው መጣ። ሲከፍተው ከጥር ወዲህ የተጫነው ብቻ ነው፤ የሰው ሕፃን፣ የሰው በሬ፣ የሰው ምርቃት። መሪጌታ የሉም።

በአርባው ዕለት ባዶ ፍላሽ በኪሱ ይዞ ሚኒባስ ተሳፈረ። ጉንደ ወይን ላይ ወርዶ ሊመለስ አስቦ ነበር። አልወረደም። ሞጣ ሲደርስ ግቢው በድንኳን ሞልቷል፤ የቅኔ ተማሪዎቹ በአንድ ወገን ተቀምጠዋል፤ ከጎረቤት የተዋሱት ቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ወይንእሸትን ወደ ጓዳ ጠርቶ ሁሉንም ነገራት፤ የሚስቱን ኩርፊያ፣ ማጥፋቱን፣ ሱቅ ውስጥ መዋሸቱን ጭምር።

ብትሰድበው ይቀለው ነበር። እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ስታጠፋቸው ከፍተህ አላየሃቸውም?»

«አልከፈትኩም። በትንንሹ ተደርድሮ የሚታየውን ብቻ ነው ያየሁት። ነጭ ጥምጣም፣ ከኋላቸው የጎጆ በር።»

«ቪዲዮዎቹን ከሁላችንም በኋላ ያየሃቸው አንተ ነህ እንግዲህ» አለችው ቀስ ብላ። «አባቴ ቅኔው ሲመጣላቸው ቀኝ እጃቸውን ያነሱ ነበር። እጃቸው ተነሥቶ ነበር?»

አዎ ሊላት ቃጣው። አንድ ጊዜ ዋሽቷታል።

«አላየሁም፣ ሲስተር። ልብ አላልኩም።»

ወይንእሸት ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ከኪሱ ያወጣውን ባዶ ፍላሽ ተቀበለችና ወደ ድንኳኑ ወጣች። ተማሪዎቹ ፍላሹን በእጇ ሲያዩ፣ መምህራቸው ሊናገሩ ነው ብለው ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም አሉ።